የኮንቮሉሽን የውጤት መጠን ምንድን ነው? 224 እንዴት 6 ይሆናል?

ምስል ለይቶ የሚያውቅ የኮንቮሉሽን ሞዴል ውስጥ ምስሉ ከሌየር ወደ ሌየር ሲያልፍ ቁመቱና ወርዱ እየጠበበ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ሌየር የሚወጣው ቁመትና ወርድ የውጤት መጠን ይባላል። ይህን ቁጥር አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሞዴሉ መጨረሻ ላይ ያሉት ሊኒየር ሌየሮች ስንት ቁጥር እንደሚቀበሉ ገና ሲጻፉ መወሰን አለበት። አንድ ቁጥር ቢበዛ ወይም ቢያንስ ሞዴሉ ይቆማል።

ስሌቱን ለመረዳት መጀመሪያ ከአንድ መስመር እንነሳ። በአንድ ረድፍ 7 ፒክሰል አለ እንበል። ከርነል በረድፉ ላይ የሚንሸራተት መስኮት ነው፤ የእኛው 3 ፒክሰል ይሸፍናል። ስትራይድ መስኮቱ በአንድ እርምጃ የሚሄደው ርቀት ነው፤ 2 ይሁን። መስኮቱ መጀመሪያ ከ1 እስከ 3፣ ቀጥሎ ከ3 እስከ 5፣ በመጨረሻ ከ5 እስከ 7 ያሉትን ያያል። በእያንዳንዱ ማረፊያ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ስለዚህ ውጤቱ 3 ነው። በስሌት ሲቀመጥ፣ ከ7 ላይ የመስኮቱን 3 ስንቀንስ ለመንቀሳቀስ የቀረው ቦታ 4 ይሆናል፤ 4 ለ2 ሲካፈል 2 እርምጃ ነው፤ ከመነሳቱ በፊት የቆመበት የመጀመሪያው ቦታ ሲጨመር 3። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን የመጨረሻ 1 ነው። አጥር የሚያጥር ሰው 10 ክፍተት ለመያዝ 11 ቋሚ እንደሚተክለው ሁሉ፣ ማረፊያዎቹ ሁልጊዜ ከእርምጃዎቹ በአንድ ይበልጣሉ።

ረድፉ 8 ፒክሰል ቢሆንስ? የቀረው ቦታ 5 ነው፤ 5 ለ2 ሲካፈል 2.5። ግማሽ እርምጃ ስለሌለ ክፍልፋዩ ይጣላል፤ ውጤቱም እንደገና 3 ይሆናል። ስምንተኛውን ፒክሰል የሚያየው መስኮት የለም፤ ይህ ሲሆንም ምንም ማስጠንቀቂያ አይወጣም።

ፓዲንግ በምስሉ ዙሪያ የሚታከል የዜሮ ጠርዝ ነው። በሁለቱም ጎን ስለሚታከል ስሌቱ ውስጥ የሚገባው እጥፉ ነው። n የሚገባው መጠን፣ k ከርነል፣ s ስትራይድ፣ p ፓዲንግ ከሆኑ በፓይተን እንዲህ ይጻፋል፤ `//` የሚለው ምልክት ክፍልፋዩን ይጥላል።

```python
def out(n, k, s=1, p=0):
    return (n + 2*p - k) // s + 1
```

ከኮንቮሉሽን በኋላ መጠኑን ለማሳነስ የሚገባው ሌየር፣ ፑሊንግም የሚሰላው በዚሁ ቀመር ነው። ልዩነቱ መስኮቱ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በክብደት ከማባዛት ይልቅ ትልቁን ወይም አማካዩን መውሰዱ ላይ ነው። በአንድ የኮንቮሉሽን ሌየር ውስጥ ያሉት የፊልተሮች ብዛት ግን ቁመትና ወርድን አይነካም፤ እያንዳንዱ ፊልተር ቻናል የሚባል አንድ የቁጥር ሰንጠረዥ ስለሚያወጣ፣ የሚወስነው የሚወጡትን ቻናሎች ብዛት ብቻ ነው።

አሁን እ.ኤ.አ. በ2012 ኢሜጅኔት የተባለውን የምስል መለየት ውድድር ያሸነፈውን የኮንቮሉሽን ሞዴል፣ አሌክስኔትን እናስላ። አሌክስ ክሪዤቭስኪ፣ ኢሊያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን የጻፉት ጽሑፍ የሚገባው ምስል 224 በ224 ነው ይላል። የመጀመሪያው ከርነል 11፣ ስትራይዱ 4 ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየው የውጤት መጠን ደግሞ 55 ነው። እስቲ እናስላው፤ 224 ሲቀነስ 11 እኩል ይሆናል 213፤ ለ4 ሲካፈል 53.25፤ ክፍልፋዩ ተጥሎ 1 ሲጨመር 54። ከ55 ጋር አይገጥምም። ይህ አለመገጣጠም ብዙ ተማሪ ስሌቱን ራሱ ያልተረዳው እንዲመስለው አድርጓል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው። 55 ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ምስሉን 227 በማድረግ፣ አለዚያ 224 እንዳለ ሆኖ ፓዲንግ 2 በመጨመር። በ227 ስሌቱ ያለ ቀሪ ይወጣል፤ 216 ለ4 ሲካፈል 54፣ አንድ ሲጨመር 55። የፓይቶርች የምስል ላይብረሪ `torchvision` የመረጠው ሁለተኛውን ነው፤ 228 ሲቀነስ 11 እኩል ይሆናል 217፤ ለ4 ሲካፈል 54.25፤ ውጤቱ 55። እዚህ የሚጣለው የመጨረሻ አምድ የዜሮ ጠርዙ ስለሆነ ከምስሉ የሚጠፋ ነገር የለም። ያለ ፓዲንግ ሲሰላ ግን የሚጣለው የምስሉ የራሱ የመጨረሻ አምድ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ቀላል ነው፤ `out(n, 3, 2)` የሚሉት መስመሮች ፑሊንግ፣ ሌሎቹ ኮንቮሉሽን ናቸው።

```python
n = out(224, 11, 4, 2)  # 55
n = out(n, 3, 2)        # 27
n = out(n, 5, 1, 2)     # 27
n = out(n, 3, 2)        # 13
n = out(n, 3, 1, 1)     # 13
n = out(n, 3, 2)        # 6
```

አምስተኛው መስመር ሦስት ተከታታይ ኮንቮሉሽኖችን ይወክላል፤ ሦስቱም መጠኑን ስለማይለውጡ አንዴ መጻፉ ይበቃል። ከርነል 5 በፓዲንግ 2፣ ከርነል 3 በፓዲንግ 1 ሲሆን ስትራይዱ 1 እስከሆነ ድረስ የገባው መጠን እንዳለ ይወጣል። ፓዲንጉ ከከርነሉ አንድ ተቀንሶ የቀረው ግማሽ ነው፤ ለዚህም ነው ጎዶሎ ቁጥር ያለው ከርነል የሚመረጠው። በከርነል 4 ፓዲንግ 1 ቢሰጥ ውጤቱ በአንድ ያንሳል፤ 2 ቢሰጥ በአንድ ይበልጣል።

የመጨረሻው ኮንቮሉሽን 256 ቻናል ስላለው ወደ ሊኒየር የሚገባው 256 × 6 × 6፣ ማለትም 9216 ቁጥር ነው። ኮዱ ውስጥ `nn.Linear(9216, 4096)` የሚለው መስመር የመጣው ከዚህ ነው።

ስህተት ሲገባ ፓይቶርች እንዲህ ያለ መልእክት ያወጣል።

```
RuntimeError: mat1 and mat2 shapes cannot be multiplied (32x6400 and 9216x4096)
```

32 በአንድ ጊዜ የገቡት ምስሎች ብዛት ነው፤ ዋናው ምልክት 6400 ነው። ለ256 ሲካፈል 25 ይሆናል፤ 25 ደግሞ 5 በ5 ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ 6 ሳይሆን 5 ደርሷል። የመጀመሪያው ሌየር ላይ `padding=2` ሲረሳ የሚሆነው ይኸው ነው፤ 54፣ 26፣ 12፣ 5 እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ የጎደለችው አንዲት አምድ በየፑሊንጉ ክፍልፋይ እያስጣለች 9216ን ወደ 6400 አወረደችው።

በ6400 ፈንታ 1024 ከታየ ጥፋቱ ሌላ ነው። 1024 ለ256 ሲካፈል 4፣ ማለትም 2 በ2። ይህ የሚመጣው `nn.MaxPool2d(3)` ብሎ ጽፎ `stride=2` ን ከመርሳት ነው። በፓይቶርች ያልተጻፈ ስትራይድ ለኮንቮሉሽን 1 ሲሆን ለፑሊንግ ግን ከመስኮቱ መጠን ጋር እኩል፣ እዚህ ላይ 3 ይሆናል። መንገዱም 55፣ 18፣ 6፣ 2 ነው።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። የ`torchvision` አሌክስኔት ከሊኒየሩ በፊት `nn.AdaptiveAvgPool2d((6, 6))` አለው። ይህ ሌየር 5 በ5 ቢገባም፣ 2 በ2 ቢገባም ሁልጊዜ 6 በ6 ያወጣል። የተለያየ መጠን ያለው ምስል ለመቀበል ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከላይ ያየናቸውን ሁለት ስህተቶች ይሸፍናል። ሞዴሉ ያለ ምንም መልእክት ይሠለጥናል፤ 2 በ2 የነበረው ተደጋግሞ 6 በ6 የሞላ ይመስላል እንጂ አዲስ መረጃ አይገኝም። ስለዚህ መጠኑ መታየት ያለበት ከዚህ ሌየር በፊት ነው።

```python
x = torch.zeros(1, 3, 224, 224)
print(model.features(x).shape)  # [1, 256, 6, 6]
```