ረዳት መስመር ምንድን ነው? ሜዲያንን ማስረዘምና ነጥብን ማንጸባረቅ በከባድ የጎነ ሦስት ጥያቄዎች

ረዳት መስመር ማለት በጥያቄው ውስጥ ያልተሰጠ፣ ፈቺው ራሱ በሥዕሉ ላይ የሚጨምረው መስመር ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጎነ ሦስት ተሥሎ ይገኛል፤ ተማሪው የሚጠበቅበት የትኛው ሕግ እንደሚሠራ መለየት ብቻ ነው። በኦሎምፒያድ ደረጃ በሚቀርቡ ጥያቄዎች ግን የተሰጡት ርዝመቶችና ዘዌዎች በሥዕሉ ላይ ተበታትነው ስለሚቀመጡ ሕጎቹን ሁሉ የሚያውቅ ተማሪ እንኳ ሕጉን የሚያሳርፍበት ጎነ ሦስት ያጣል። ረዳት መስመር ያንን የጠፋውን ጎነ ሦስት ይሠራል።

ቀላሉና ጥንታዊው ምሳሌ ሜዲያንን ማስረዘም ነው። ሜዲያን ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ የተቃራኒውን ጎን መሃል የሚነካ መስመር ነው። በጎነ ሦስት ABC ውስጥ M የ BC መሃል ይሁን፤ AB 5 ሳንቲ ሜትር፣ AC ደግሞ 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ AM በምን ያህልና በምን ያህል መካከል ሊሆን ይችላል? AB፣ AC እና AM ሦስቱም ከአንድ ነጥብ ከ A የሚነሡ ስለሆኑ በመካከላቸው ጎነ ሦስት አይሠሩም፤ ስለዚህ የጎነ ሦስት አለእኩልነት የሚያርፍበት ቦታ የለውም። አሁን AMን ከ M አሳልፈን እናስረዝመውና MD = AM እንዲሆን ነጥብ Dን እናስቀምጥ። MB ከ MC ጋር፣ AM ከ MD ጋር እኩል ናቸው፤ በ M ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩት ዘዌዎችም እኩል ናቸው። ስለዚህ ጎነ ሦስት AMB እና ጎነ ሦስት DMC ፍጹም እኩል ይሆናሉ፤ ከዚህም CD = AB መሆኑና CD ለ AB ትይዩ መሆኑ ይከተላል። አንዱ ጎን AB ከ A ተነቅሎ ወደ C ሄደ ማለት ነው፤ ጎነ ሦስት ACD አሁን 7፣ 5 እና የ AMን እጥፍ ጎኖቹ አድርጎ ይዟል። የ AM እጥፍ ከ 2 የሚበልጥ፣ ከ 12 የሚያንስ ሊሆን ግድ ነው፤ AM ራሱ ከ 1 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ከ 6 ሳንቲ ሜትር ያንሳል።

ልብ ብሎ ለተመለከተው D ማለት A በ M በኩል ሲገለበጥ የሚያርፍበት ነጥብ ነው። ስለዚህ ሜዲያንን ማስረዘምና ነጥብን ማንጸባረቅ ሁለት የተለያዩ ብልሃቶች አይደሉም፤ በመጀመሪያው የሚንጸባረቀው በነጥብ በኩል ነው፣ በሁለተኛው ደግሞ በመስመር በኩል። በመስመር የሚደረገውን ለማየት ባሕር ዳር ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሰው ከቤቱ A ተነሥቶ ወደ ጣና ዳርቻ ወርዶ ውኃ ቀድቶ ወደ አትክልት ቦታው B ይሄዳል እንበል። የሐይቁ ዳርቻ በእርግጥ ጠመዝማዛ ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት ግን ቀጥ ያለ እንደሆነ እንውሰድ። ቤቱ ከዳርቻው 300 ሜትር፣ አትክልት ቦታው 500 ሜትር ይርቃሉ፤ ከሁለቱ ወደ ዳርቻው የሚወርዱት ቀጤ ነክ መስመሮች ዳርቻውን በሚነኩባቸው ነጥቦች መካከል ደግሞ 600 ሜትር አለ። ከየትኛው ቦታ ቢቀዳ መንገዱ ያጥራል? የ A ነጸብራቅ ከዳርቻው 300 ሜትር ገባ ብሎ ውኃው ውስጥ ይወድቃል። ማንም ወደዚያ አይሄድም፤ ነገር ግን ከማንኛውም የዳርቻ ነጥብ እስከ A ያለው ርቀት እስከ ነጸብራቁ ካለው ጋር እኩል ስለሆነ፣ የተሰበረው መንገድ ከነጸብራቁ እስከ B የሚዘረጋ መንገድ ይሆናል። የዚህ አጭሩ ደግሞ ቀጥታው ነው። ርዝመቱ 600 እና 800 ቀጤ ጎኖቹ የሆኑለት ጎነ ሦስት ረጅሙ ጎን፣ ማለትም 1000 ሜትር ነው፤ መቅጃውም ከቤቱ ትይዩ ካለው የዳርቻ ነጥብ 225 ሜትር ላይ ይገኛል። እንደገና ያደረግነው አንድ ነገር ነው፤ አንዱን ርዝመት ሳናሳጥርና ሳናስረዝም ሌላ ቦታ አኖርነው።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት ብዙ ጥሩ ተማሪዎችን የሚጥል አንድ ጉዳይ አለ። ረዳት ነጥብ በሚመረጥበት ጊዜ ነጥቡን ለመወሰን የሚበቃው ባሕርይ ብቻ ይሰጠዋል፤ ሌላው ሁሉ መረጋገጥ አለበት። «ከ A ተነሥቶ BCን እኩል የሚከፍልና ለ BC ቀጤ ነክ የሆነ መስመር እንሥላለን» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሳያውቀው AB = AC ነው ብሏል፤ በሌላ ጎነ ሦስት እንዲህ ያለ መስመር የለምና። ከላይ በሜዲያኑ ጊዜ Dን የወሰነው AMን አስረዝመን MD = AM ማድረጋችን ነው፤ የ CD እና የ AB ትይዩነት ግን በማረጋገጫ የተገኘ ውጤት ነው። መስመሩ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ በዘፈቀደ በተሣለ ጠማማ ጎነ ሦስት ላይ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ ይችል እንደሆነ መሞከር በቂ ነው።

አሁን በ2001 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዲሲ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሎምፒያድ አምስተኛ ሆኖ የቀረበውን ጥያቄ እንውሰድ። በጎነ ሦስት ABC ውስጥ በ A ያለው ዘዌ 60 ዲግሪ ነው። የዚህ ዘዌ ገማሽ BCን በ P ያገኛል፤ በ B ያለው ዘዌ ገማሽ ደግሞ ACን በ Q ያገኛል። AB + BP = AQ + QB ቢሆን የቀሩት ዘዌዎች ስንት ስንት ናቸው?

የመጀመሪያው ሐሳብ ከእኩልታው ቅርጽ ይመጣል። ሁለቱም ድምሮች ከ A የሚነሡ የተሰበሩ መንገዶች ናቸው፤ አንዱ በ B፣ ሌላው በ Q ላይ ይታጠፋል። የተሰበረን መንገድ ከሌላ ጋር ማወዳደር ስለሚያስቸግር ሁለቱንም እናቃናቸዋለን። ABን ከ B አሳልፈን አስረዝመን BD = BP እንዲሆን Dን እናስቀምጥ፤ በ AC መስመር ላይም ከ Q አልፈን QE = QB እንዲሆን Eን እናስቀምጥ። የተሰጠው እኩልታ አሁን AD = AE የሚል አጭር ቃል ሆነ። AP በ A ያለውን ዘዌ ስለሚገምስ ደግሞ D እና E በ AP መስመር በኩል አንዱ የሌላው ነጸብራቅ ናቸው። ነጸብራቁን ፈልገን አልሣልነውም፤ ርዝመቶቹን ስናቃና ራሱ መጣ። ይህ የዚህ መፍትሔ ውበት ይመስለኛል።

በ B ያለውን ዘዌ 2x እንበለው። በጎነ ሦስት DBP ውስጥ BD = BP ስለሆነ በ D እና በ P ያሉት ዘዌዎች እኩል ናቸው፤ ድምራቸው ከውጫዊው ዘዌ ከ 2x ጋር እኩል ስለሆነ እያንዳንዳቸው x ናቸው። በነጸብራቁ ምክንያት PE = PD ነው፤ ዘዌ QEPም x ነው። ዘዌ QBP ደግሞ BQ ገማሽ ስለሆነ እንዲሁ x ነው። በሌላ በኩል QE = QB ስለሆነ ዘዌ QBE ከዘዌ QEB ጋር እኩል ነው። ከእነዚህ ሁለት እኩል ዘዌዎች ላይ እኩሉን x ብንቀንስ (E በ Q እና በ C መካከል ቢያርፍ ደግሞ እነርሱን ከ x ላይ ብንቀንስ) ዘዌ PBE እና ዘዌ PEB እኩል ሆነው ይቀራሉ።

ብዙዎች «ስለዚህ PB = PE» ብለው የሚጽፉት እዚህ ላይ ነው፤ የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው። መንገዱን እስከ መጨረሻው እንከተለው፦ PB = PE ከሆነ PD = PE ስለነበረ PB፣ PD እና BD ሦስቱም እኩል ይሆናሉ። ጎነ ሦስት DBP ሦስቱም ዘዌዎቹ 60 ዲግሪ ሆኑ፣ x 60 ሆነ፣ በ B ያለው ዘዌም 120 ዲግሪ ሆነ። ከ A 60 ዲግሪ ጋር ሲደመር 180 ስለሚሞላ ለ C ምንም አይተርፍም። በዚህ ጊዜ ተማሪው «እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት የለም» ብሎ ይደመድማል፤ ጥያቄው ግን ዘዌዎቹን አስሉ ብሎ ስለጠየቀ አንድ ነገር እንደተዘለለ ማወቅ ነበረበት። የተዘለለው ጎነ ሦስት PBE ጨርሶ ጎነ ሦስት ላይሆን መቻሉ ነው። ሁለቱ እኩል ዘዌዎች ዜሮ ቢሆኑስ? ያን ጊዜ P በ BE ላይ ይውላል፤ መስመር BP ደግሞ መስመር BC ነው፤ E በ AC መስመር ላይ ስለሆነ ከ C በቀር የሚሆነው ነጥብ የለም። E ራሱ C ነው። ያስቀመጥነው ረዳት ነጥብ አስቀድሞ በሥዕሉ ላይ የነበረ ነጥብ ሆኖ ተገኘ፤ በወረቀት ላይ ግን ሥዕሉን በግምት ስለምንሥል E ከ C ትንሽ ፈንጠር ብሎ ይታያል፣ ዓይንም ይታለላል።

E = C ከሆነ QB = QC ነው፤ በ C ያለው ዘዌ ከ QBC ጋር እኩል፣ ማለትም x ይሆናል። 60 + 2x + x = 180፣ ስለዚህ x 40 ነው፤ በ B ያለው ዘዌ 80 ዲግሪ፣ በ C ያለው 40 ዲግሪ ነው። ለማመሳከር AC 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት ቢሣል AB 6.53፣ BP 3.47 ገደማ ሆነው ይለካሉ፤ ድምራቸው 10 ነው። AQ + QB ደግሞ QB = QC ስለሆነ AC ራሱ ነው።

60 ዲግሪ የሚለው መረጃ እስከ መጨረሻው ድረስ ጥቅም ላይ አልዋለም። D እና E ሲቀመጡም ሆነ ነጸብራቁ ሲገኝ አላስፈለገም፤ ያገለገለው 120ውን ለመጣልና የመጨረሻውን ድምር ለመሙላት ብቻ ነው። መረጃውን ከጥያቄው ብናወጣው የጣልነው ጎዳና ይነሣል፤ በ B ያለው ዘዌ 120 ዲግሪ በሆነበት ጎነ ሦስት ሁሉ፣ በ A ያለው የትኛውም ቢሆን፣ AB + BP = AQ + QB ይሆናልና። ይህንን ለማረጋገጥ ያው የ D እና የ E አቀማመጥ ይበቃል፤ ብቻ መንገዱን ከኋላ ወደ ፊት መሄድ ያስፈልጋል።