ፖሊኖሚያሉ ኢቭን ነው፣ ኦድ ነው ወይስ አንዱንም አይደለም?

f(x) = x³ − 4x + 1 ተሰጥቷችኋል እንበል። ኢቭን ነው ኦድ? x እና −x ሁልጊዜ እኩል መልስ ከሰጡ ኢቭን፣ ሁልጊዜ በምልክት ብቻ የሚለያይ መልስ ከሰጡ ደግሞ ኦድ ይባላል። ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ቁጥር መሞከር ነው። 2ን ሲያስገባ 8 − 8 + 1፣ ማለትም 1 ያገኛል። −2ን ሲያስገባም −8 + 8 + 1፣ አሁንም 1። "እኩል መጡ፣ በቃ ኢቭን ነው" ይላል። ተሳስቷል። እስቲ 1ን እና −1ን ይሞክር፤ አንዱ −2፣ ሌላው 4 ይሰጠዋል። እኩል ስላልሆኑ ኢቭን አይደለም። በምልክት ብቻ የሚለያዩም ስላልሆኑ ኦድም አይደለም። ቁጥር መሞከር "አይደለም" ለማለት ይበቃል፣ "ነው" ለማለት ግን ፈጽሞ አይበቃም።

ትክክለኛው መንገድ x ባለበት ቦታ ሁሉ (−x)ን መተካት ነው። ቅንፉን እንዳትረሱ! (−x)² መልሱ x² ነው፤ ቅንፉን የዘለለ ሰው ግን −x² ብሎ ይጽፍና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሽበታል። በኛ ምሳሌ ስንተካ ይህን እናገኛለን፦

f(−x) = −x³ + 4x + 1

አሁን ከዋናው ጋር አስተያዩት። ሁሉም ተርም እንዳለ ቢቀር ኢቭን ይሆን ነበር፣ የሁሉም ምልክት ቢገለበጥ ደግሞ ኦድ። እዚህ ሁለቱ ተገልብጠው 1 ብቻዋን ቀረች። ያበላሸችው እሷ ናት።

ለምን አልተገለበጠችም? ተጋማሽ ኤክስፖነንት ማይነሱን ያጠፋዋል፣ ጎዶሎው ያስቀረዋል። 1 ማለት ደግሞ 1·x⁰ ነው፣ 0 ተጋማሽ ቁጥር ነው። ይህን የያዘ ሰው ኤክስፖነንቶቹን አይቶ ብቻ መልሱን ያውቃል፤ ሁሉም ተጋማሽ ከሆኑ ኢቭን፣ ሁሉም ጎዶሎ ከሆኑ ኦድ፣ ከተቀላቀሉ አንዱንም አይደለም። ግን x(x − 2)(x + 2) ዓይነት ከመጣ መጀመሪያ ማባዛት አለባችሁ፣ ሲባዛ x³ − 4x ነው፣ ኦድ። ትልቁን ኤክስፖነንት ብቻ አይቶ መፍረድም አይሆንም፤ x² + x ትልቁ ኤክስፖነንቱ 2 ነው፣ ኢቭን ግን አይደለም።

ወደ ግራፉ እንምጣ። የኢቭን ፋንክሽን ግራፍ ያለበትን ወረቀት በ y-አክሲስ ላይ ብታጥፉት ግራና ቀኙ ልክክ ይላል። ኦድ ከሆነ ኦሪጅን ላይ የእስክሪብቶ ጫፍ አሳርፉና ወረቀቱን 180 ዲግሪ አዙሩት፤ ግራፉ የተዞረ አይመስልም። x³ − 4x እንደዚህ ነው። (1, −3) ላይ ያለው ነጥብ ዞሮ (−1, 3) ላይ ያርፋል።

1 ስንጨምርበት መላው ግራፍ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቅርጹ ግን አይነካም። አሁንም ይዞራል፣ የእስክሪብቶው ጫፍ ግን ኦሪጅን ላይ ሳይሆን (0, 1) ላይ መሆን አለበት። (x − 2)²ም እንዲሁ ነው። ሲያዩት ቆንጆ ተመሳሳይ ጎኖች አሉት፣ የሚታጠፈው ግን በ x = 2 መስመር ላይ ስለሆነ ኢቭን አይባልም፤ አባዝታችሁ ብታዩት x² − 4x + 4 ነውና −4x ወዲያው ታጋልጠዋለች።