የዋስትናና የክስ ፕሮቪዥን፦ መቼ ይመዘገባል? በኮምቦልቻ ምጣድ ሰሪ ምሳሌ

ፕሮቪዥን ማለት እዳነቱ ያለ ግን መቼ ወይም ስንት እንደሚከፈል ቁርጡ ያልታወቀ ሂሳብ ነው። የሚገዛው አይኤኤስ 37 በሚባለው አለም አቀፍ የሂሳብ ስታንዳርድ ሲሆን ትንንሽና መካከለኛ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት አይኤፍአርኤስ ደግሞ በክፍል 21 ላይ ያው ተመሳሳይ ነገር ይላል፣ እኛ ሀገር ይሄ ግዴታ የሆነው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ 847/2006 ከወጣ በኋላ ነው። ለመመዝገብ ሶስት ነገር አንድ ላይ መሟላት አለበት፦ ካለፈ ነገር የመጣ ግዴታ ዛሬ መኖር አለበት፣ ገንዘብ የመውጣቱ እድል ካለመውጣቱ መብለጥ አለበት፣ መጠኑም በደህና ግምት ሊሰላ መቻል አለበት። ሁለተኛው ላይ ነው ሰው ሁሉ ሚጣላው፣ በተለይ "ከግማሽ በላይ" ሚለው ነገር ለዋስትናና ለክስ አንድ አይነት አለመሆኑ ላይ።

እንበል ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሰራ ወርክሾፕ አለ፣ ደሴ ላሉ ሱቆችና ሆቴሎች ያስረክባል፣ ለአንድ አመት ዋስትና ይሰጣል። ዋስትናው ደረሰኝ ላይ ባይጻፍ እንኳ ወርክሾፑ ሁሌ የተበላሸ ሲመጣለት በነጻ የሚጠግን ከሆነና ደንበኛው ሁሉ ያንን አውቆ ከገዛ ግዴታው አለ፣ ምክንያቱም በልማድ የተገባ ቃልም በስታንዳርዱ ግዴታ ነው። ወረቀት የለኝም ብሎ መዝለል አይቻልም።

በ2017 በጀት አመት 1,200 ምጣድ ተሸጠ እንበል። የጥገና ደብተሩ ሲታይ ከመቶው 80ው ምንም አይሆንም፣ 15ቱ ሽቦው ይቃጠላል ወይ ግንኙነቱ ይላላል፣ ይሄን ለማስተካከል 600 ብር ይፈጃል፣ 5ቱ ደግሞ ሸክላው ይሰነጠቅና በ2,400 ብር ይቀየራል። እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ሚነሳው ክርክር "አንዱ ምጣድ የመበላሸት እድሉ 20 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ ከግማሽ በታች ስለሆነ አንመዝግብ" ሚለው ነው፣ ይሄ ፍጹም ስህተት ነው። ተመሳሳይ ግዴታዎች ብዙ ሲሆኑ እድሉ የሚለካው በአንድ በአንድ ሳይሆን በጠቅላላው ነው፣ ከ1,200 ምጣድ ውስጥ የሆኑት እንደሚመለሱ ደግሞ ማንም አይጠራጠርም። ስለዚ 180 ምጣድ በ600 ብር 108,000፣ 60 ምጣድ በ2,400 ብር 144,000፣ በድምሩ 252,000 ብር የአመቱ ሽያጭ ወጪ ነው።

ሰኔ 30 ላይ ሚቀረው እዳ ግን 252,000 አይደለም። በአመቱ ውስጥ ከነዚሁ ምጣዶች 110 ሽቦና 30 ሸክላ ተቀይሮ 138,000 ብር ወጥቶ ከሆነ ሚቀረው 114,000 ነው። ግን ዝም ብሎ ቀንሶ መተው ጥሩ አይደለም፣ የተሸጠበትን ወር ማየት ያስፈልጋል። መስከረም ላይ የተሸጠው ዋስትናው ሊያልቅ ነው፣ ግንቦትና ሰኔ የተሸጠው ገና መጀመሩ ነው። ደግሞ የሽቦ አቅራቢው መጋቢት ላይ ተቀይሮ ከዛ ወዲህ የሚመለሰው ምጣድ ከጨመረ የድሮው 15 ፐርሰንት አይሰራም፣ የመጋቢትና ከዛ በኋላ ያለው ለብቻው ተለይቶ በአዲሱ መጠን መሰላት አለበት። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ምጣድ መለያ ቁጥርና የተሸጠበት ቀን የጥገና ደብተሩ ላይ መጻፍ ያለበት፣ ያለሱ ግምቱ ጭፍን ይሆናል። አመዘጋገቡ ቀላል ነው፣ የዋስትና ወጪ ዴቢት፣ የዋስትና ፕሮቪዥን ክሬዲት፣ በኋላ ጥገናው ሲሰራ ፕሮቪዥኑ ዴቢት ይሆንና እቃው ወይ ጥሬ ገንዘቡ ክሬዲት ይሆናል። አዲስ ወጪ ሆኖ ድጋሚ መግባት የለበትም።

ክሱ ሌላ ነገር ነው። ግንቦት 2017 ላይ ደሴ ያለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤቱ ተቃጠለበት፣ ሀምሌ ላይ "እሳቱ የተነሳው ከምጣዳችሁ ነው" ብሎ 900,000 ብር ከሰሰ እንበል፣ 400,000ው ለእቃ፣ 500,000ው ለቀረ ገቢ። ክሱ ከሰኔ 30 በኋላ ስለመጣ የሚቀጥለው አመት ጉዳይ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ግዴታ ካለ ያመጣው እሳቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ግንቦት ላይ ሆኗል፣ መጥሪያው ስለዛ ነገር የመጣ ማስረጃ ብቻ ነው።

እዚህ አንድ ክስ ብቻ ስለሆነ አማካይ የሚሰጥ ብዛት የለም፣ ጥያቄው ወርክሾፑ በእርግጥ ተጠያቂ ነው ወይ ነው። መጀመሪያ ላይ የወርክሾፑ ጠበቃ ሆቴሉ ምጣዱን በቀጭን ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ እንዳገናኘው ያያል፣ 3,500 ዋት ምጣድ ደግሞ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፣ ያ ገመድ ለዚህ አይበቃም፣ ስለዚህ የመሸነፍ እድሉን 40 ፐርሰንት ይለዋል። በዚህ ደረጃ ምንም አይመዘገብም፣ የሂሳቡ ማብራሪያ ላይ እንደ ኮንቲንጀንት ላያቢሊቲ ማለትም ሊመጣም ላይመጣም እንደሚችል እዳ ይገለጻል እንጂ። አንዳንድ አካውንታንት 900,000ን በ40 ፐርሰንት አባዝቶ 360,000 ይመዘግባል፣ ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው፣ እንደዛ አይነት ፍርድ ማንም አይሰጥም፣ እድሉም ከግማሽ አላለፈም።

ከዛ መስከረም 2018 ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ከክረምት እረፍት ሳይመለስ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሪፖርት መጣ እንበል። ቃጠሎው የጀመረው ገመዱ ላይ ሳይሆን ምጣዱ ውስጥ ካለው የቴርሚናል ሳጥን ነው፣ ብሎኑ በደንብ ሳይጠብቅ ተሽጧል ይላል። ሂሳቡ ገና አልተፈረመም (የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ነው ሚያቀርበው)፣ ሪፖርቱ ደግሞ ስለ ግንቦቱ እሳት ስለሆነ የሰኔ 30ው ሂሳብ ይስተካከላል። ከፈረሙ በኋላ ቢመጣ ኖሮ የ2018 የግምት ለውጥ ይሆን ነበር፣ ያለፈው ተከፍቶ አይስተካከልም።

አሁን ለጠበቃው የሚላከው ጥያቄ ወሳኝ ነው። "እናሸንፋለን ወይ?" ብለው ከጠየቁት "እንከራከራለን" ነው መልሱ፣ ለሂሳብ ደግሞ ይሄ ምንም አይጠቅምም። ይልቅ በደብዳቤ "አሁን ባለው ማስረጃ ፍርዱ በኛ ላይ የመሆን እድሉ ከግማሽ ይበልጣል ወይ? ከሆነስ በያንዳንዱ የክስ ነጥብ ሊፈረድ የሚችለው ስንት ነው?" ነው ሚባለው። ጠበቃው እድሉ ከግማሽ አልፏል፣ በእቃው በደረሰኝ የተረጋገጠው 310,000 ነው፣ የቀረ ገቢው ግን የሽያጭ መዝገብ ስለሌለው ከ40,000 አያልፍም ካለ የሚመዘገበው በጣም ሊሆን የሚችለው መጠን ማለትም 350,000 ብር ነው፣ የተጠየቀው 900,000 አይደለም። መድን ካለ መድኑ የሚከፍለው ከዚህ ላይ አይቀነስም፣ እንደሚከፈል እርግጠኛ ሊባል በሚችል ደረጃ ሲደርስ ብቻ ለብቻው እንደ ሀብት ይመዘገባል።

ባለቤቱ ግን "እንዴ ይሄን ብጽፍ ሆቴሉ አይቶ አምነሃል አይለኝም?" ብሎ ይፈራል፣ ፍርሃቱም እውነት አለው። ስታንዳርዱ እጅግ አልፎ አልፎ ዝርዝሩን መግለጽ ድርጅቱን በክርክሩ ላይ ክፉኛ የሚጎዳ ከሆነ ዝርዝሩን ትቶ የክርክሩን ጠቅላላ ባህሪና ዝርዝሩ ለምን እንደተተወ መጻፍ ይፈቅዳል። ይሄ የማብራሪያው ጉዳይ ነው እንጂ 350,000ውን ራሱን ከመመዝገብ ነጻ አያደርግም፣ ከሌሎች ፕሮቪዥኖች ጋር በአንድ መስመር ተጠቃሎ ሊቀርብ ግን ይችላል።

ግብር ላይ ሁለቱም ፕሮቪዥኖች ተቀናሽ አይሆኑም፣ ገና ላልወጣ ወጪ የተያዘ መጠባበቂያን የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 አይቀበልም። በግብር ማስታወቂያው ላይ 114,000ውም 350,000ውም ወደ ትርፉ ተመልሰው ይደመራሉ፣ ገንዘቡ በእውነት በወጣበት አመት ነው ሚቀነሱት፣ ልዩነቱም ለድርጅት በ30 ፐርሰንት ዲፈርድ ታክስ ማለትም ወደፊት የሚቀነስ ግብር ሆኖ ይያዛል።