«የተረጋገጠ ትርጉም» ምንድን ነው? ማህተሙስ የሚመሰክረው ለምኑ ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ መካሪ «ውጭ ለመማር ዲግሪህን በተረጋገጠ ትርጉም ማስመስከር አለብህ፤ አለዚያ ፎርጅድ ነው ይሉሃል» ብሎ ሲያስረዳ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አደባልቋል። ብዙ ሰው ያለ ጥቅም ብር የሚከፍለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የተርጓሚው ማህተም የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ጽሑፍ እዚያኛው ወረቀት ላይ ካለው ጋር ሙሉ በሙሉ ይመሳሰላል። ወረቀቱ እውነተኛ ይሁን አይሁን ተርጓሚውን አይመለከተውም። ገበያ ላይ ጤፍ የሚሰፍር ሰው አምስት ቁና ነው ካለ የመሰከረው ለልኩ ነው፤ ከማን ማሳ እንደታጨደ አይመሰክርም። እንክርዳድ ቢኖርበትም ከነእንክርዳዱ ይሰፍረዋል እንጂ እሱ አያበጥርም። ተርጓሚም እንዲሁ ነው፤ ዋናው ላይ የፊደል ስህተት ካለ ስህተቱን እንዳለ ያሳያል፣ ከፈለገ «ዋናው ላይ እንዲህ ነው» ብሎ ማስታወሻ ያኖራል። ማሳውን የሚያውቀው ሬጅስትራሩ ነው፤ ከሱ በላይ ደግሞ የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣንና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አሉ። እነሱ የሚሠሩት ማረጋገጥ ነው፤ ትርጉም አይደለም።

ታዲያ ትርጉም የሚያስፈልገው መቼ ነው? ተቀባዩ የማይቀበለው ቋንቋ ወረቀቱ ላይ ሲኖር። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ጀርመን ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ የሚያመለክት አንድ የደብረ ኤልያስ ልጅ እንውሰድ። ዲግሪው አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን አለው፤ ትራንስክሪፕቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤቱም እንዲሁ። እነዚህን ማስተርጎም አይጠበቅበትም። በአማርኛ ብቻ የተጻፈው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የሚተረጎመው እሱ ብቻ ነው።

ችግሩም የሚፈጠረው እዚያው ደብዳቤ ላይ ነው። «ከሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.» ይላል። ቸኩሎ የሠራ ተርጓሚ ሐምሌን «ጁላይ» ብሎ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ ይተወዋል፤ «ጁላይ 1, 2010» ይሆናል። ዲግሪው በእንግሊዝኛው በኩል ልጁ ጁን 30, 2018 እንደተመረቀ ያሳያል። ጀርመን ያለው መርማሪ የሚያየው ከመመረቁ ስምንት ዓመት ቀድሞ በባለሙያነት የተቀጠረ ሰው ነው። ማመልከቻው በጥርጣሬ የሚታየው በዚህ ነው፤ ደብዳቤው ግን ንጹህ ነበር። ትክክለኛው አሠራር «ሐምሌ 1, 2010» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዳለ ጽፎ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ገልጾ፣ በቅንፍ ጁላይ 8, 2018 ማለት ነው። ማብቂያውም ጁላይ 7, 2020 ይሆናል።

«ሙሉ» ሲባል ደግሞ የደብዳቤው አካል ብቻ አይደለም። የወጪ ቁጥሩ፣ ቲተሩ፣ ክቡ ማህተም ውስጥ ያለው ጽሑፍ፣ የማይነበበው ፊርማ («ፊርማ፣ አይነበብም» ተብሎ)፣ ግርጌ ያለው «ግልባጭ» ሁሉ ይገባል። ስም የሚጻፈው በፓስፖርቱ አጻጻፍ ነው። ዲግሪው ራሱ «ዓለምነህ»ን በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ጨምሮ ከጻፈውና ከፓስፖርቱ ካልገጠመ ግን ተርጓሚ አያስተካክለውም፤ ጉዳዩ የሬጅስትራር ነው። ውጤትም አይቀየርም፦ 3.42 ከ4.00 እንዳለ ይቀመጣል። ወደ ጀርመን ነጥብ መመንዘር የገምጋሚው ሥራ ነው። የቴክኒክና ሙያ «ደረጃ 4»ንም «ዲፕሎማ» ብሎ ማሳመር ያው ማበጠር ነው።

«የተረጋገጠ» የሚለው ቃልም በየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚጠይቀው ተርጓሚው ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ለመተርጎምም ብቁ መሆኑን ፈርሞ እንዲገልጽ ነው። እንግሊዝ ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማና አድራሻ ትጨምራለች። ጀርመን ፍርድ ቤት ያስማላቸው ተርጓሚዎች አሏት። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የተቀባዩን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ቢሮ ማህተም አንዱ ጋ በቂ ሆኖ ሌላው ጋ ላይሠራ ይችላል።

ዲግሪው ራሱ መተርጎም ያለበት ተቀባዩ እንግሊዝኛን በማይቀበልበት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ በፈረንሳይኛ ወይም በጣልያንኛ ለሚያስተምር ተቋም። ያኔ ቅደም ተከተሉ ይታሰብበት። የማረጋገጫ ማህተሞቹ ከዲግሪው ጀርባ የሚያርፉ ከሆነ መጀመሪያ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ይተርጎም። ተገላቢጦሽ ከሆነ ጀርባው ሳይተረጎም ይቀራል፤ ትርጉሙም «ሙሉ» አይባልም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ክፍያና ከማርቆስ አዲስ አበባ ዓባይን ለመሻገር ሌላ ጉዞ ይጠብቃል።