የክብደት መስመሩ «ወረደ» ሲባል፦ ስለ ሕፃናት እድገት መከታተያ ካርድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሲስተር፣ ልጄ 15ኛ ናት አሉኝ፤ ከ100 15 አመጣች ማለት ነው?»

ፐርሰንታይል ማርክ ሳይሆን የሰልፍ ተራ ነው። የልጅዎ እኩያ የሆኑ 100 ጤነኛ ሴት ሕፃናት ከቀላሏ ጀምረው በክብደታቸው ቢሰለፉ እርሷ 15ኛዋ ላይ ትቆማለች፤ ከኋላዋ ያሉት 85ቱ ይከብዷታል፣ ከፊቷ ያሉት ይቀሏታል፣ ከዚህ ያለፈ ትርጉም የለውም። ሁሉም ጤነኞች ቢሆኑ እንኳ አንዷ የግድ 15ኛ፣ ሌላዋ የግድ 80ኛ ትሆናለች። ወላጆቿ ቀጫጭን የሆኑ ልጅ 15ኛው መስመር ላይ ጀምራ ዓመት እስኪሞላት በዚያው ከዘለቀች አልሰጋም፤ ከ85ኛው ተነሥታ በሦስት ወር 40ኛው ላይ የተገኘችውን ግን ቀጠሮዋን አቀርባለሁ።

በአንዳንድ ካርድ ላይ መስመሮቹ 3፣ 15፣ 50፣ 85 እና 97 ተብለው ሲጻፉ፣ በሌላው ደግሞ መካከለኛው መስመር ዜሮ ሆኖ ከእርሱ በላይና በታች 1፣ 2 እና 3 ተብለው ስለሚጻፉ ሁለቱን ካርዶች ቁጥር በቁጥር ማመሳከር አይቻልም። ከዜሮ በታች 2 የሚለው መስመር ከ3ኛው ፐርሰንታይል ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ነው፤ እናቶች «ቀዩ መስመር» የሚሉት እንደ ካርዱ ዓይነት ከእነዚህ አንዱን ነው።

«መስመሩ ወርዷል ተባልኩ፤ ልጄ ከስቷል ማለት ነው።»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። «ወረደ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ስለሚጠቀልል ካርዱን ተቀብሎ ነጥቦቹን በዓይን መከተል ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሁኔታ ልጁ በየወሩ ክብደት ይጨምራል፣ ነገር ግን ጭማሪው ከታተሙት መስመሮች ያነሰ ስለሆነ የእርሱ መስመር እየወጣም ቢሆን ከጎረቤቶቹ ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለተኛው መስመሩ ይጋደማል፤ ካለፈው ወር ወዲህ ምንም አልተጨመረም። በእርግጥ ክብደት ቀነሰ የሚባለው ነጥቡ ካለፈው ወር ነጥብ በታች ሲያርፍ ብቻ ነው፤ ይህ ሦስተኛው ሲሆን ምክንያቱ በዚያው ቀን መፈለግ አለበት። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቀነሱና በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለሱ ግን የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት አንዳንዴ በሽታ ሳይሆን ልጁ ወደ ራሱ መስመር መግባቱ ሊሆን ይችላል። የትውልድ ክብደት ከወላጆች ቁመና ይልቅ በማሕፀን ውስጥ የነበረውን ሁኔታ ስለሚያሳይ፣ 4.2 ኪሎ ሆኖ የተወለደ የትናንሽ ወላጆች ልጅ በስድስት ወሩ 7.9 ኪሎ ሆኖ 50ኛው መስመር ላይ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ በዘጠኝ ወሩ 8.9፣ በዓመቱ 9.6 ቢመዝን መስመሩን ይዟል ማለት ነው። ቁመቱና የጭንቅላቱ ዙሪያም አብረው ከተለኩና በወጉ ከጨመሩ፣ ልጁም ንቁ ከሆነ፣ እናቱን በምግብ ጉዳይ ማስጨነቅ ተገቢ አይሆንም።

«ከቀዩ መስመር በላይ እስካለች ድረስ ምንም የለባትም።»

ብዙ ጊዜ የምንዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ «የምንዘናጋው» ስል እኛን የጤና ባለሙያዎችንም ጨምሬ ነው። ኮዬ ፈጬ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ያመጣችልኝን ካርድ ልጥቀስ። ልጅቱ በስድስት ወሯ 7.3 ኪሎ፣ በሰባት 7.5፣ በስምንት 7.6፣ በዘጠኝ ወሯም ያው 7.6 ኪሎ ነበረች። የዘጠኝ ወሩ ነጥብ ብቻውን ቢታይ ከ15ኛው መስመር በላይ ስለሆነ «ደህና ናት» ተብላ ትሸኛለች፤ በሰልፉም 26ኛ ገደማ ናት። ነገር ግን በስድስት ወሯ ልክ 50ኛው ላይ ነበረች፤ በዚያው መስመር ብትቀጥል ኖሮ በሦስት ወር 900 ግራም ያህል መጨመር ሲገባት የጨመረችው 300 ግራም ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ወር ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። ቀዩ መስመር ጋ እስክትደርስ መጠበቅ ወራትን ማባከን ይሆን ነበር።

ተቅማጥ፣ ሳል ወይም ትኩሳት እንዳልነበራት ካረጋገጥን በኋላ ስለ ውሎዋ ጠየቅሁ። እናቷ ልጅቱ ስድስት ወር ተኩል ሲሆናት ሥራ ገብታ ነበር፤ ቀን ቀን የምትይዛት አያቷ «በቀን አራት ጊዜ ትጠግባለች፣ አልቅሳም አታውቅ» አሉኝ፣ እውነታቸውንም ነበር። በጡጦ የያዙትን አጥሚት በማንኪያ ቀድቼ ሳዘነብለው እንደ ሻይ ፈሰሰ። የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነ እንዲህ ያለ አጥሚት በውኃ ይሞላውና ልጅቱ ሳትራብ ትጎዳለች። ያደረግነው ለውጥ ቀላል ነበር፤ ጡጦው ቀርቶ ማንኪያ ሲዘቀዘቅ የማይፈስ ገንፎ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይሰጣት፣ እንቁላል ወይም በሽሮ የራሰ ፍትፍት ይታከል፣ እናቷም ከሥራ በፊትና እንደተመለሰች፣ ሌሊትም ታጥባት አልን። በዐሥር ወሯ 7.9፣ በዐሥራ አንድ ወሯ 8.3 ኪሎ ሆነች። ወደ 50ኛው ገና አልደረሰችም፣ ነገር ግን መስመሯ ከታተሙት መስመሮች ይልቅ ቀጥ ብሎ ሽቅብ መውጣቱ ማካካስ መጀመሯን ያሳያል።

ምግብ ሲያንስ በመጀመሪያ የሚዘገየው ክብደት ነው፣ ቁመት ይከተላል፣ ጭንቅላት የመጨረሻው ነው። ክብደቱ ደህና ሆኖ ቁመቱ ቀድሞ የቀዘቀዘ ልጅ ካጋጠመ ግን ጉዳዩ ከገንፎ ውጭ ስለሚሆን የሕፃናት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

«ካርዱ የተሠራው በፈረንጅ ልጆች ነው፤ ለእኛ አይሆንም።»

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መለኪያ ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ የተውጣጡ፣ ጡት የጠቡና በተመቸ ሁኔታ ያደጉ ሕፃናትን መነሻ ያደረገ ነው። ኢትዮጵያ ባትኖርበትም፣ በእነዚህ አገሮች ያሉት ትንንሽ ልጆች እድገት በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

«ሚዛን አይዋሽም።»

ሚዛኑ ባይዋሽ እንኳ ካርዱ ሊዋሽ ይችላል። ባለፈው ወር በራቁቷ፣ በዚህ ወር ግን ክረምት ገብቶ በሹራብና በእርጥብ ዳይፐር የተመዘነች ልጅ ያልጨመረችውን ትጨምራለች። ተንጠልጣዩ ሚዛን ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ማየትና የሚቻል ከሆነ በዚያው ሚዛን መመዘን ያስፈልጋል፤ ድንገተኛ ለውጥ ሲታይ ልጁን እንደገና ከመመዘን በፊት ምንም አልናገርም።

ከሚዛኑ የባሰው የቀን ስሕተት ነው። አንድ ሕፃን የልደት ቀኑ ዓመት ሳይጻፍበት «05/03» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 5፣ ማለትም የካቲት 26 ነበር፤ መዝጋቢው ግን ኅዳር 5 ብሎ አነበበው። የአራት ወሩ ልጅ በአንድ ጊዜ ወደ ስምንት ወር ተጠጋ፤ ለዕድሜው መካከለኛ የሆነው 7 ኪሎም ቀዩ መስመር አጠገብ ወርዶ አረፈ። እናቱ ያለቀሰችው ባልነበረ ችግር ነው።

የመጨረሻው ውሸት ግን አደገኛ ነው። በሁለቱም እግሮቹ ላይ እብጠት ያለበት ልጅ በውኃው ምክንያት ስለሚከብድ፣ በጽኑ የምግብ እጥረት እየተጎዳ ሳለ መስመሩ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም የእግር ጀርባዎች በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭነን እንለቃለን፤ ጎድጉዶ ከቀረ መስመሩ የትም ይሁን፣ ልጁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይላካል።