ከሐይቅ በረዶ ወደ አሞኒያ መኪና፦ ቅዝቃዜ የአሜሪካን ከተሞች ገበታ እንዴት ለወጠ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በረዶ በብርድ ወራት ከሐይቅና ከወንዝ እየተቆረጠ እስከ ሙቀቱ ወራት በመጋዘን የሚከማች ምርት ነበር። የቦስተኑ ነጋዴ ፍሬድሪክ ቱዶር በ1806 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ካሪቢያኗ ማርቲኒክ ደሴት የመጀመሪያውን ጭነት ልኮ ከሰረ። በ1833 ግን 180 ቶን በረዶ በመርከብ ወደ ካልካታ ሰድዶ፣ አራት ወር ገደማ ከፈጀ ጉዞ በኋላ 100 ቶን ያህሉ ሳይቀልጥ ደረሰለት።

የቆረጣው ሥራ የሚጀምረው ሐይቁ ላይ የወደቀውን አመዳይ በመጥረግ ነው። አመዳዩ ካልተጠረገ የሐይቁን ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ በረዶው አይወፍርም። ውፍረቱ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሞላ በፈረስ የሚጎተት ባለጥርስ ማረሻ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ይሰነጥቃል፤ መሣሪያውን በ1820ዎቹ የሠራው የቱዶር ሠራተኛ የነበረው ናትናኤል ዋየዝ ነው። የቀረውን በመጋዝና በብረት ዘንግ ይለያዩታል። የበረዶ ጡቦቹን በተከፈተ የውሃ ቦይ ላይ እያንሳፈፉ ወደ በረዶ ቤቱ ይነዷቸዋል። ግድግዳው ድርብ ሲሆን መሀሉ በሰጋቱራ ይሞላል። በረዶ ቤትን የሚያበላሸው ዋናው ነገር ውሃ ነበር፤ የቀለጠው ከወለሉ ካልፈሰሰ የታችኛውን ረድፍ ይበላል፣ የረጠበ ሰጋቱራም ሙቀት ማስተላለፍ ይጀምራል።

የዚህ ንግድ ድክመት ሁለት ነበር። አንደኛው አየሩ ነው፦ የ1889/90 ብርድ ለዘብ ብሎ በማለፉ የምሥራቁ ከተሞች ከባድ የበረዶ እጥረት ገጠማቸው። ሁለተኛው ንጽሕና ነው። ከተሞች ፍሳሻቸውን በሚለቁበት ወንዝ ላይ የተቆረጠ በረዶ ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ መቀዝቀዝ ጀርምን ሁሉ አይገድልምና።

ወደዚህ ክፍተት የገባው የአሞኒያ መኪና፣ ማለትም በአሞኒያ ጋዝ የሚሠራው የማቀዝቀዣ ማሽን ነው። ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ካሬ በ1859 በሙቀት ኃይል የሚሠራውን፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ ደግሞ በ1870ዎቹ በኮምፕረሰር የሚሠራውን አወጡ። ፈሳሽ አሞኒያ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሲተን ሙቀቱን የሚወስደው ከዙሪያው ነው። ኮምፕረሰሩ ትነቱን ይስብና ወደ ተራው የአየር ግፊት 12 እጥፍ ያህል ያጭቀዋል፤ በዚህ ግፊት 30 ዲግሪ ላይ እንኳ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን፣ ትነቱ ፈሳሽ የሚሆንበትን ክፍል፣ ኮንደንሰሩን፣ በወንዝ ወይም በጉድጓድ ውሃ ማቀዝቀዝ ይበቃል። አየር ሾልኮ ከገባ ግን ፈሳሽ ስለማይሆን ኮንደንሰሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የግፊት መለኪያው ካለ ምክንያት ከፍ ማለቱ ይህንኑ ያሳብቃል። ቱቦው ብረት መሆን አለበት፤ አሞኒያ መዳብንና ነሐስን ይበላል። የሚያፈስ መገጣጠሚያን ለማግኘት የተቀጣጠለ ድኝ ያስጠጉበታል፣ አሞኒያው ባለበት ነጭ ጭስ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ መኪናው መጀመሪያ የተካው ሐይቁን እንጂ በረዶን አለመሆኑ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ዋና ሥራው በረዶ መሥራት ነበር። ፋብሪካዎቹ 136 ኪሎ ገደማ ውሃ የሚይዙ የቆርቆሮ ጣሳዎችን፣ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ያህል በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክራሉ። 28 ሳንቲሜትር የሚወፍር ጡብ እስኪጠነክር ከሁለት ቀን በላይ ይወስዳል። ጊዜው በውፍረቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ውሃው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲረጋ የሟሟውን አየርና ጨው ወደ መሀል ይገፋል፤ ገዢ የሚጠላው ነጭ እምብርት የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው የተጣራ ትነት መጠቀም፣ ኋላም በጣሳው ውስጥ አየር እየነፉ ውሃውን ማናወጥ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ የፋብሪካው በረዶ የሐይቁን በልጦ ነበር።

ነገር ግን ቅዝቃዜን በበረዶ በኩል ማዞር ኪሳራ አለው። የአንድ መኪና አቅም እስካሁን በ«ቶን» የሚለካው አንድ የአሜሪካ ቶን (907 ኪሎ) በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ ከሚወስደው ሙቀት ጋር በማነጻጸር ነው። አንድ ቶን በረዶ ለመሥራት ግን ውሃውን እስከ ዜሮ ማብረድና የሚባክነውን ማካካስ ስለሚያስፈልግ አንድ ተኩል ቶን ያህል አቅም ይጠይቃል። የቢራ ጠማቂዎችና ቄራዎች በረዶውን ትተው ቀዝቃዛ ቱቦ በቀጥታ በክፍሎቻቸው የዘረጉት ለዚህ ነው።

የቺካጎን ሥጋ እንውሰድ። ከ1870ዎቹ መጨረሻ በፊት ከብቱ በቁሙ በባቡር ወደ ምሥራቅ ይጓዝ ነበር፤ ከክብደቱ ግን ለሽያጭ የሚውለው ከግማሽ ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ ነጋዴው ለአጥንትና ለአንጀትም ጭነት ይከፍላል። ጉስታቩስ ስዊፍት የታረደውን ብቻ በበረዶ ፉርጎ መላክ ጀመረ። ከእርሱ በፊት ሥጋውን ከጣራ ያንጠለጠሉ ፉርጎዎች በመታጠፊያ ላይ እየተወዛወዙ አደጋ ያስከትሉ ነበር። የእርሱ መሐንዲስ አንድሩ ቼዝ በረዶውን ከላይ አደረገ፤ የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል።

ፉርጎው ግን የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ ትኩሱን አያበርድም። 270 ኪሎ የሚመዝን የታረደ በሬ ከ38 ወደ 3 ዲግሪ ለማውረድ 90 ኪሎ ያህል በረዶ መቅለጥ አለበት። በቀን ሺዎችን ለሚያርድ ቄራ ይህን ሁሉ ከሐይቅ ማምጣት አድካሚ ነው። ስለዚህ ማብረጃ ክፍሎቹን አሞኒያ ያዛቸው፣ ፉርጎዎቹ ግን በየጣቢያው በረዶ እየተጨመረላቸው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ማዶ ቀጠሉ። የካሊፎርኒያ ብርቱካንና ሰላጣ ኒውዮርክ የደረሰውም በፋብሪካ በረዶ በተሞላ ፉርጎ ነው።

እንቁላል ከሥጋ ይልቅ ለውጡን ያሳያል፤ የቤተሰብን ወጪ በቀጥታ የነካው እርሱ ነውና። ዶሮ በጸደይ ብዙ ትጥላለች፣ በብርድ ትቀንሳለች። ነጋዴዎች በሚያዝያና በግንቦት ገዝተው ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ገደማ አስቀምጠው ከመኸር ጀምሮ ሲሸጡ የወቅቱ ዋጋ ልዩነት ጠበበ። ቅዝቃዜው ብዙ ከበረታ እንቁላሉ ረግቶ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ክፍሉ ከደረቀ ውስጡ ይጎድላል፣ ከረጠበ ይሻግታል። ከሽንኩርት ጋር ካስቀመጡት ደግሞ ሽታውን ይጠጣል፣ ቅቤም እንዲሁ። ሸማቹ ግን «አሮጌ ሸቀጥ ደብቀው ዋጋ ያስወድዳሉ» ብሎ ተቆጣ፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የማቆያ ጊዜን በሕግ ገደቡ። ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ የተበላሸ ዕቃ ያስገባ ነጋዴ የተበላሸ ያወጣል፣ ቅዝቃዜ ብልሽትን ያዘገያል እንጂ አይመልስም።

ቤት ውስጥ ለውጡ ዘገየ። የበረዶ ሣጥን ያላት ቤተሰብ የምትፈልገውን መጠን የሚያሳይ ካርድ በመስኮቷ ትሰቅላለች፣ ባለጋሪው አይቶ ያመጣል። በረዶውን ለመቆጠብ በጋዜጣ የሚጠቀልሉ ነበሩ፤ ሣጥኑን የሚያቀዘቅዘው ግን መቅለጡ ራሱ ስለሆነ ወተታቸው ኮመጠጠ። በ1920ዎቹ የመጡት የኤሌክትሪክ ፍሪጆች ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም ሜቲል ክሎራይድ ይጠቀሙ ነበር፤ ሁለቱም መርዛማ ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሽታው ደካማ ስለሆነ ሲፈስ ሳይታወቅ ሰው ገድሏል። በ1930 ገደማ የወጣው ፍሪዮን የተባለ የማቀዝቀዣ ጋዝ ይህን አደጋ አስወግዶ ፍሪጅን ወደ ተራው ኩሽና አስገባ፤ የኦዞንን ንጣፍ መጉዳቱ ሲታወቅም በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀንስ ተወሰነ። ትልልቆቹ ቀዝቃዛ መጋዘኖች ከአሞኒያ ብዙም አልራቁም። መርዛማ ቢሆንም ርካሽ ነው፣ ሽታውም ጉዳት ከሚያደርስበት መጠን በጣም ባነሰ ጊዜ ሠራተኛውን ከክፍሉ ያስወጣዋል።