አራቱ ኮርዶች፦ ብዙ ዘፈን ለምን ይመሳሰላል?

የቢትልስን «ሌት ኢት ቢ» (1970 እ.ኤ.አ.) እና የቦብ ማርሊን «ኖ ውማን ኖ ክራይ» (1974 እ.ኤ.አ.) በጊታር አጅቧቸው። ሁለቱም ሲጀምሩ እጃችሁ በአንድ መንገድ ይሄዳል፦ C – G – Am – F።

ኮርድ ማለት አብረው የሚሰሙ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች ናቸው። C ማለት ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው። Am ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሚ። አያችሁ፣ ሁለት ድምፅ ይጋራሉ። F ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ እሱም ከAm ጋር ሁለት ይጋራል። ለዚህ ነው ሽግግሩ ጆሮ የማይጎረብጠው። G (ሶል፣ ሲ፣ ሬ) ሲጨመር ከዶ እስከ ሲ በተርታ ያሉት ሰባቱም የስኬሉ ድምፆች ይሟላሉ። ዜማው የትኛውም ላይ ቢያርፍ የሚደግፈው ኮርድ አለ። ለዜማ ደራሲ ትልቁ ምቾት ይሄ ይመስለኛል። F ላይ ሲደረስ ደግሞ ጆሮ ወደ C መመለስ ያምረዋል፤ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

«የኔ ዘፈን እኮ በሌላ ኮርድ ነው» የሚል አይጠፋም። ቅደም ተከተሉን ቁጠሩ፦ ከስኬሉ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ፣ 4ኛ። መነሻው D ከሆነ D – A – Bm – G ይሆናል። ከፍታው ተቀየረ እንጂ ርቀቱ ያው ነው።

ኮርዱ ተመሳሰለ ማለት ግን ዜማው ተሰረቀ ማለት አይደለም። ጊታሩን አስቀምጡና የሁለቱን ዜማ ብቻ አንጎራጉሩ፤ ማንም አያምታታቸውም።